ስዌይ የሌለውን ፖርታል ፍሬም በእጅ ስናሰላ፦ የትኛውን መንገድ እንያዝ?

ፖርታል ፍሬም ሁለት ኮለንና ከላይ የሚያገናኛቸው አንድ ቢም ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ይሄን ትንሽ ፍሬም ግን በሞመንት ዲስትሪቢዩሽን ብቻ እንኳ በብዙ መንገድ መፍታት ይቻላል። ሙሉውን ሰንጠረዥ ዘርግቶ ዙር በዙር መሥራት አለ። ሲሜትሪ ካለ ግማሹን ብቻ ሠርቶ በአንድ እርምጃ መጨረስም አለ። የኮለኑ እግር ፒን ከሆነ ደግሞ ስቲፍነሱን በሦስት አራተኛ ማባዛት ይመጣል። ሰንጠረዡን ጭራሽ ትቶ በስሎፕ ዲፍሌክሽን ሁለት እኩልታ የሚፈታም አይጠፋም።

ብዙዎቻችን የለመድነውን ይዘን እንገባለን። እኔ እንደገባኝ ግን ምርጫው የሚወሰነው ሰንጠረዡ ውስጥ ሳይሆን ከሰንጠረዡ በፊት ባለችው መስመር ላይ ነው። ስቲፍነሱን የምንጽፍባት መስመር ማለቴ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው ሰንጠረዡን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢሠራ አይድንም። እኔም አንዴ አልዳንኩም፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁሉንም መንገድ በአንድ ምሳሌ እንያቸው። ኮለኖቹ 3 ሜትር ቁመት አላቸው፤ ቢሙ 6 ሜትር ነው። ኮለኑ 30 በ30፣ ቢሙ 25 በ45 ሴንቲሜትር ቢሆን የቢሙ I ከኮለኑ 2.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለሒሳቡ እንዲመቸን 3I እንበለው። ቢሙ ላይ በየሜትሩ 20 ኪሎኒውተን ተዘርግቶ ተጭኗል። የግራው እግር A፣ የግራው ጥግ B፣ የቀኙ ጥግ C፣ የቀኙ እግር D ነው። ከዚህ በኋላ ሞመንቶቹ ሁሉ በኪሎኒውተን ሜትር ናቸው። በሰዓት አቅጣጫ የሚያዞረውን ፖዘቲቭ እንላለን።

መጀመሪያ፦ ፍሬሙ ለምንድነው ወደ ጎን የማይሄደው?

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ግን ግማሹን ምርጫ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ፍሬም ስዌይ የማይኖረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሲሜትሪ ነው። ኮለኖቹ እኩል፣ እግሮቹ አንድ ዓይነት፣ ጭነቱም ከመሃል ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ፍሬሙ ወዴት እንደሚያዘነብል ምክንያት የለውም። ሁለተኛው የሚይዘው ነገር መኖሩ ነው። ሸር ዎል፣ ሊፍት ሻፍት ወይም ሌላ ጠንካራ አካል ቢሙን በአግድም ይዞት ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በሲሜትሪ ምክንያት የማይሄድ ፍሬም ላይ አቋራጩ ይሠራል። ተይዞ የማይሄድ ፍሬም ላይ ግን ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ የሲሜትሪ አቋራጭ እንዳለ አይሠራም። ሁለቱም «ስዌይ የለውም» ስለሚባሉ ሰው አንዱን በሌላው ይተካል።

ሙሉው ሰንጠረዥ

እግሮቹ ፊክስድ ናቸው እንበል። የእያንዳንዱ አባል አንጻራዊ ስቲፍነስ I/L ነው። ኮለኑ 1/3 ይሆናል። ቢሙ 3/6፣ ማለትም 0.5 ነው። B ላይ ሲደመሩ 0.833 ይመጣል። ዲስትሪቢዩሽን ፋክተር ማለት አንድ አባል ከዚህ ድምር ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ኮለኑ 0.4፣ ቢሙ 0.6 ያገኛል። የአንድ ጆይንት ድርሻዎች ተደምረው 1 መምጣት አለባቸው።

ፊክስድ ኤንድ ሞመንቱ wL²/12 ነው። 20 በ36 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 60 ይሆናል። B ላይ ያለው የቢም ጫፍ -60፣ C ላይ ያለው +60 ነው። አሁን ጆይንቶቹን እንለቃቸዋለን። እያንዳንዱ ጆይንት ላይ ያልተመጣጠነውን ሞመንት ምልክቱን ገልብጠን እናካፍላለን፤ ከዚያ የተካፈለውን ግማሽ ወደ አባሉ ሌላ ጫፍ እናሻግራለን። ይሄ ግማሽ ነው ካሪ ኦቨር ፋክተር የሚባለው።

```
        BA      BC      CB      CD
DF     0.4     0.6     0.6     0.4
FEM      0     -60     +60       0
Bal    +24     +36     -36     -24
CO       0     -18     +18       0
Bal   +7.2   +10.8   -10.8    -7.2
CO       0    -5.4    +5.4       0
Bal  +2.16   +3.24   -3.24   -2.16
CO       0   -1.62   +1.62       0
Bal  +0.65   +0.97   -0.97   -0.65
Sum  34.01  -34.01   34.01  -34.01
```

ከአራት ዙር በኋላ 34.01 ላይ ደርሰናል። ትክክለኛው መልስ 34.29 ነው፤ ስህተቱ ከአንድ በመቶ በታች ነው። የኮለኑ እግር ላይ የሚደርሰው ኮለኑ ከላይ ያገኘው ግማሽ ስለሆነ 17.14 ይሆናል። እግሩ ፊክስድ ስለሆነ የመጣለትን ይውጣል፤ መልሶ አይልክም። ለዚህ ነው እግሮቹን ሰንጠረዡ ውስጥ ያልጻፍኳቸው።

አንድ ነገር እዩ። የኮለኑ ዓምድ 24፣ 7.2፣ 2.16፣ 0.65 እያለ ይወርዳል። በየዙሩ በ0.3 እየተባዛ ነው። ይሄ ቁጥር የቢሙ ድርሻ ግማሽ ነው። እንግዲህ ቢሙ ከኮለኖቹ ይልቅ በጣም ጠንካራ ሲሆን ዙሩ ይበዛል። የቢሙ ድርሻ 0.9 ቢሆን በየዙሩ የሚቀረው 0.45 ነበር። ሰንጠረዡን ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ዙር እንደሚፈጅባችሁ ከዚህች ቁጥር ታውቃላችሁ። ቶሎ የማይቀንስ ከሆነ ሌላ መንገድ መያዝ ነው።

ሃርዲ ክሮስ የተባለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይሄን ዘዴ በ1930 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ኮምፒውተር አልነበረም። የዘዴው ውበትም እዚህ ላይ ነው፤ እኩልታ ሳትፈታ በመደመርና በማካፈል ብቻ የፈለግከው ትክክለኛነት ላይ ስትደርስ ታቆማለህ።

ግማሹን ብቻ መሥራት

ከላይ ያለውን ሰንጠረዥ የቀኝ ግማሽ በእጃችሁ ሸፍኑት። ምንም አልጎደለም። ቀኙ የግራው መስታወት ነው፤ ምልክቱ ብቻ ነው የተገለበጠው። ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ እንሠራለን?

ሲሜትሪ ባለበት B በአንድ አቅጣጫ ሲዞር C በዚያው መጠን በተቃራኒው ይዞራል። ሁለቱም ጫፍ እንዲህ ሲዞር ቢሙ የሚሰጠው መቋቋም 4EI/L ሳይሆን 2EI/L ነው። ስለዚህ የቢሙን ስቲፍነስ በግማሽ እንቀንሳለን። 0.5 የነበረው 0.25 ይሆናል። የኮለኑ 1/3 እንዳለ ነው። አሁን የኮለኑ ድርሻ 4/7፣ የቢሙ 3/7 ይሆናል።

ከዚያ አንዴ ብቻ ማካፈል ነው። 60 በ4/7 ሲባዛ 34.29። አለቀ። ዙር የለም፤ ግምትም አይደለም፤ ትክክለኛው መልስ ነው። የቢሙ ጫፍም -60 + 25.71 = -34.29 ይመጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሰው ስቲፍነሱን በግማሽ ቀንሶ ሲያበቃ በልማድ 25.71ን ለሁለት ከፍሎ ወደ C ያሻግራል። የC ተጽዕኖ ግን በ2EI/L ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ማሻገር ማለት ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ሲሜትሪ ከያዛችሁ በቢሙ ላይ ካሪ ኦቨር የለም። በኮለኑ ላይ ግን ወደ ፊክስድ እግር ይሻገራል።

ሲሜትሪ ካለ እኔ ሙሉውን ሰንጠረዥ የምሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ፈተና ላይ መምህሩ «ሰንጠረዡን አሳይ» ካለ ሌላ ነገር ነው።

እግሩ ፒን ነው ወይስ ፊክስድ?

ፒን ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምንም ሳይቀይሩ መሥራት ነው። የኮለኑን ስቲፍነስ 1/3 እንዳለ ትተን እግሩንም እንደ ጆይንት እንቆጥረዋለን። የተሻገረለትን 12 ይቀበላል፣ ፒን ስለሆነ ግን መልቀቅ አለበት፣ -12 ይጻፍበትና -6 ወደ ላይ ይመለሳል። በየዙሩ እንዲህ እየተመላለሰ ይሄዳል። መልሱ ትክክል ይመጣል፤ ነገር ግን የምትጽፉት ቁጥር ይበዛል፤ ቁጥር ሲበዛ ደግሞ የምልክት ስህተት ይበዛል።

ሁለተኛው መንገድ ኮለኑን በሦስት አራተኛ ማባዛት ነው። ሌላኛው ጫፉ ፒን የሆነ አባል መቋቋሙ 3EI/L ነው። 1/3 በ0.75 ሲባዛ 0.25 ይሆናል። ወደ እግሩ ምንም አይሻገርም። ሲሜትሪውን ከጨመርንበት ቢሙም 0.25 ነው። ድርሻው እኩል በእኩል ሆነ ማለት ነው። ጥጉ ላይ 30፣ እግሩ ላይ ዜሮ። በቃ።

የሒሳቡ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ሦስት አራተኛውን ያዙ። ከባዱ ምርጫ ሌላ ነው፤ እውነተኛው እግር የትኛው ነው? ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ጭነቱ ለቢሙ ብቻውን መሃል ላይ wL²/8፣ ማለትም 90 ይሰጣል። ፊክስድ እግር ሲሆን መሃሉ 90 - 34.29 = 55.71 ይሆናል። ፒን ሲሆን 60 ነው። ለቢሙ ልዩነቱ ስምንት በመቶ ገደማ ነው። ጥጉ ላይም 34.29 እና 30 ነው፤ ብዙ አይራራቁም።

ፉቲንጉ ላይ ስንሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ጋ 17.14 አለ፤ ሌላው ጋ ምንም የለም። ከቢሙ ወደ እያንዳንዱ ኮለን የሚወርደው 60 ኪሎኒውተን ነው። 17.14 ለ60 ሲካፈል 0.29 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭነቱ ከፉቲንጉ መሃል 29 ሴንቲሜትር የራቀ ያህል ነው ማለት ነው። የፉቲንጉንና ከላዩ ያለውን አፈር ክብደት ሳንቆጥር፣ አፈሩ ከአንድ በኩል እንዳይላቀቅ ከተፈለገ ፉቲንጉ 1.7 ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል።

እና ፊክስድ ብሎ ማሰብ በነፃ አይመጣም። ትንሽ ነጠላ ፉቲንግ ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጦ «አይዞርም» ማለት አስቸጋሪ ነው። አፈሩ ትንሽ ሲሰጥ ፉቲንጉ ይዞራል፤ ሞመንቱም ወደ ቢሙ መሃል ይሸሻል። እኔ በእንዲህ ያለ ቦታ ሁለቱንም እሠራለሁ። ለቢሙ መሃል ከፒኑ 60ን፣ ለጥጉ ከፊክስዱ 34.29ን እወስዳለሁ። ሁለቱም አንድ አንድ መስመር ሒሳብ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጭነቱ ሲያደላ

አሁን የተዘረጋውን ጭነት አንስተን ከB 2 ሜትር ላይ 90 ኪሎኒውተን እናስቀምጥ። እግሮቹ ፊክስድ ናቸው። ፍሬሙ C ላይ በግድግዳ ተይዟል፤ ስለዚህ ስዌይ የለውም። ፊክስድ ኤንድ ሞመንቶቹ B ላይ -80፣ C ላይ +40 ናቸው። ሲሜትሪ የለም፤ አቋራጩም የለም። ሙሉው ሰንጠረዥ ተገቢ ሥራውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ድርሻዎቹ 0.4 እና 0.6 እንደሆኑ ይቀጥላሉ። አምስት ዙር ሠርታችሁ የግራው ኮለን 40.37፣ የቀኙ -28.03 ላይ ትደርሳላችሁ። ትክክለኛው 40.44 እና -28.13 ነው።

ስሎፕ ዲፍሌክሽንን የምመርጠው እዚህ ነው። ያልታወቁት የሁለቱ ጥጎች መዞር ብቻ ናቸው። EI አብሮ θ ውስጥ እንዲገባ አድርገን ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

```
3.333 θB + 1.000 θC =  80
1.000 θB + 3.333 θC = -40
```

ሁለት እኩልታ ለመፍታት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። θB 30.33 ይወጣል፤ በ4/3 ሲባዛ 40.44። እንዲህ ላለው ባለ አንድ ክፍል ፍሬም ስሎፕ ዲፍሌክሽን ያሸንፋል ባይ ነኝ። ጆይንቶቹ አራትና አምስት ሲሆኑ ግን እኩልታዎቹን በእጅ መፍታት ያሰለቻል፤ ሰንጠረዡ ግን ጥቂት ዓምዶች ብቻ ነው የሚጨምረው።

ይሄ ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ነገር ያሳያል። የግራው እግር ወደ ውስጥ የሚገፋው ኃይል (40.44 + 20.22) ለ3 ሲካፈል 20.22 ነው። የቀኙ 14.07 ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱ 6.15 ኪሎኒውተን ነው። ይሄን ማን ይዞታል? C ላይ ያለው ግድግዳ። ፍሬሙ ወደ ቀኝ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ወደ ግራ ይመልሰዋል። ግድግዳው በእውነት ከሌለ ወይም 6.15ን መያዝ የማይችል ተራ የብሎኬት ክፍልፋይ ከሆነ፣ የሠራነው ሁሉ የሌላ ፍሬም መልስ ነው። ስለዚህ ስዌይ የለም ብላችሁ ከሠራችሁ መጨረሻ ላይ የእግሮቹን አግድም ኃይል ደምሩ። የቀረውን የሚይዝ ነገር ሥዕሉ ላይ ማሳየት ካልቻላችሁ ስዌዩን ማስላት ግድ ነው።

የሠራሁት ስህተት

ተማሪ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬም የሚመስል ጥያቄ ነበር። አቋራጩን ስለማውቅ ኮራ ብዬ ግማሹን ብቻ ሠራሁ። ግን የቢሙን 3I ረስቼ I ብዬ ወሰድኩት። በዛሬው ቁጥር ብናየው የቢሙ ስቲፍነስ 1/6፣ ግማሹ 1/12 ይሆናል። የኮለኑ ድርሻ 0.8 ሆነ። ጥጉ ላይ 48 ጻፍኩ። ኮለኑ +48፣ ቢሙ -60 + 12 = -48። ተደምሮ ዜሮ። «ቼክ» ብዬ አሰመርኩበትና ወረቀቱን ሰጠሁ። ሲመለስልኝ በቀይ ተሰምሮበት ነበር።

ያ ቼክ ምንም አላረጋገጠም። ድርሻዎቹ ተደምረው 1 እስከመጡ ድረስ ጆይንቱ ሁልጊዜ ዜሮ ይሰጣል፤ ድርሻዎቹ ራሳቸው ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አይጠይቅም። የመሃሉ ሞመንት ደግሞ 90 - 48 = 42 ሆኖ ነበር። ትክክለኛው 55.71 ነው። በዚያ ቁጥር ብረት ቢታዘዝ የቢሙ ሆድ ሩብ ያህል ጎድሎት ይሠራ ነበር።

ይሄን የሚይዘው ሌላ ቼክ ነው። አንድ ጥግ ላይ የሚገናኙት ኮለንና ቢም እኩል መዞር አለባቸው። ለእያንዳንዱ አባል ከመነሻው ፊክስድ ኤንድ ሞመንት የተለወጠውን እንወስዳለን። ከቅርቡ ጫፍ ለውጥ ላይ የሩቁን ግማሽ ቀንሰን በI/L እናካፍላለን። እዚህ ላይ ስቲፍነሱን ሳትቀንሱ፣ ሥዕሉን እንደገና አይታችሁ ሙሉውን I/L ነው የምትጽፉት። ሁለቱ አባላት አንድ ቁጥር መስጠት አለባቸው።

በትክክለኛው መልስ እንሞክረው። ኮለኑ፦ 34.29 ሲቀነስ 8.57፣ 25.71 ነው፤ ለ1/3 ሲካፈል 77.1። ቢሙ፦ የቅርቡ ለውጥ +25.71፣ የሩቁ -25.71 ነው፤ 25.71 ሲደመር 12.86፣ 38.57፤ ለ0.5 ሲካፈል 77.1። ተገናኙ። በእኔ ስህተት ደግሞ ኮለኑ 48 ሲቀነስ 12፣ 36፤ ለ1/3 ሲካፈል 108። ቢሙ 12 ሲደመር 6፣ 18፤ ለ0.5 ሲካፈል 36። አንዱ 108 ሲዞር ሌላው 36። እንዲህ ያለ ጥግ ያለው ፍሬም ስንጥቅ ካልገባው በቀር የለም።

ይሄ ቼክ ሁለት መስመር ነው። በሲሜትሪ ሠርታችሁ ካሪ ኦቨር ብትጨምሩም፣ ሦስት አራተኛውን ብትረሱም ያሳብቅባችኋል። አንድ ነገር ግን አያሳብቅም፤ ስዌይ ያለውን ፍሬም የለውም ብላችሁ ከሠራችሁ ጥጎቹ በትክክል ይገጥማሉ። እሱን የሚያሳየው የእግሮቹ አግድም ኃይል ድምር ብቻ ነው።